የጊር ረድፍ ሥዕል፦ የጥርስ ቁጥር ፍጥነትንና የመጠምዘዝ ኃይልን እንዴት ይወስናል? መጨረሻው ጊርስ ለምን በተቃራኒው ይዞራል?

ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቃሊቲ አልፎ ገላን መዳረሻ ላይ ባለችው የቶርኖ ሥራ ቤታችን፣ በአካባቢው ግንባታ ከሚካሄድባቸው ሰፈሮች የሚመጡ የአርማታ ሚክሰሮች በየጊዜው ይጠገናሉ። ሚክሰሩን ይዘው የሚመጡት ባለቤቶችም ሆኑ አብረውን የሚሠሩት ተለማማጆች የጊር ሥዕል ወረቀት ላይ ሲዘረጋላቸው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ተመሳሳይ ስለሆኑ፣ መልሶቹን በአንድ ቦታ ማስፈር ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። ምሳሌያችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ አነስተኛ ሚክሰር ነው። ሞተሩ 3 ኪሎዋት ሲሆን በደቂቃ 1440 ዙር ይዞራል፤ በርሜሉ ግን በደቂቃ 24 ዙር ብቻ መዞር አለበት።

ሥዕሉ ላይ የሚታዩት ክቦች ብቻ ናቸው። ጥርሶቹ የት ሄዱ?

በጊር ረድፍ ሥዕል ላይ ጥርሶችን አንድ በአንድ መሣል አያስፈልግም። እያንዳንዱ ጊር በአንድ ክብ ይወከላል፤ ይህ ክብ የጥርሱ ጫፍም ሆነ ሥሩ ሳይሆን፣ ሁለት ጊሮች ሲገናኙ እንደ ሁለት ለስላሳ ጎማዎች ተነካክተው ይሽከረከራሉ ብለን የምናስብበት መካከለኛ መስመር ነው። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ ሁለት ክቦች በአንድ ነጥብ ብቻ ከተነካኩ ጥርሳቸው የተናከሰ ነው ማለት ነው። አንድ ማዕከል ይዘው አንዱ በሌላው ውስጥ ከተሣሉ ግን በአንድ ዘንግ ላይ የተገጠሙና አብረው የሚዞሩ ናቸው። የጥርሱ ብዛት በክቡ ውስጥ በቁጥር ይጻፋል፤ የአዟዟሩ አቅጣጫ ደግሞ በቀስት ይመለከታል።

የእኛን ሚክሰር በአንድ መስመር ብንጽፈው እንዲህ ይሆናል፤ የማባዣው ምልክት ጥርስ ለጥርስ መናከስን፣ ድርብ ሰረዙ ደግሞ በአንድ ዘንግ ላይ መሆንን ያሳያል።

```
ሞተር ── ሀ(18) × ለ(90) ═ ሐ(14) × መ(168) ── በርሜል
```

ሀ በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለው ትንሹ ፒኞን ነው። ለ እና ሐ መካከለኛው ዘንግ ላይ ተጣምረው ተቀምጠዋል። መ በበርሜሉ ወገብ ዙሪያ የታሰረው፣ ጥርሱ ወደ ውጭ የሆነው ትልቁ ኮሮና ነው።

የጥርስ ቁጥር ፍጥነትን የሚወስነው በምን ምክንያት ነው?

ጥርስ ሊዘለል ስለማይችል ነው። ከሀ አንድ ጥርስ በመገናኛው ነጥብ ሲያልፍ ከለም አንድ ጥርስ፣ ከአንድ የማይበልጥና የማያንስ፣ አብሮት ያልፋል። ሀ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር 18 ጥርሶቹን አሳለፈ ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ ለ ያሳለፈው እንዲሁ 18 ጥርስ ብቻ ነው። ይህም ከ90 ጥርሶቹ አምስተኛው እጅ ስለሆነ ለ የዞረው የዙር አምስተኛውን ብቻ ነው። ቀሪው ሁሉ ከዚህ የሚከተል ስሌት ነው።

```
የተነጂው ፍጥነት = የነጂው ፍጥነት × የነጂው ጥርስ ÷ የተነጂው ጥርስ

1440 × 18 ÷ 90  = 288
 288 × 14 ÷ 168 = 24
```

ሐ ከለ ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ስለሆነ የጥርሱ ቁጥር የተለየ ቢሆንም ፍጥነቱ ያው 288 ነው። ተለማማጆች አብዝተው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ከለ ወደ ሐ ሲሻገሩ 90ን ለ14 ያካፍላሉ፤ ይህን ያደረገ ሰው በርሜሉ በደቂቃ 154 ዙር ያህል ይበራል የሚል ውጤት ያገኛል። በአንድ ዘንግ ላይ ባሉ ሁለት ጊሮች መካከል ምንም የጥርስ ስሌት የለም። በመጀመሪያው ንክሻ ፍጥነቱ በ5፣ በሁለተኛው በ12 ስለተከፈለ በጠቅላላው በ60 ተከፍሏል።

ፍጥነቱ ሲቀንስ ጉልበቱ የሚጨምረው ለምንድን ነው? ከየት መጣ?

ጉልበት ከየትም አልተፈጠረም፤ የተለወጠው ክንዱ ነው። የከበደ ድንጋይ በረጅም ብረት ሲፈነቀል የሚሆነው በጊር ላይም ይሆናል። ባለ 3 ኪሎዋቱ ሞተር በ1440 ዙር ሲሠራ በዘንጉ ላይ የሚሰጠው የመጠምዘዝ ኃይል 20 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ሀ እና ለ የተቆረጡት በሞጁል 4 ነው፤ ማለትም የጥርሱን ቁጥር በ4 ስናባዛ የመካከለኛውን ክብ ዲያሜትር በሚሊሜትር እናገኛለን። በዚህም የሀ ዲያሜትር 72፣ የለ ደግሞ 360 ይሆናል። የሀ ግማሽ ዲያሜትር 36 ሚሊሜትር ነው። 20 ኒውተን ሜትር በዚህ አጭር ክንድ ሲገፋ በጥርሱ ላይ የሚያርፈው ግፊት 555 ኒውተን ያህል ነው፤ ይኸው ግፊት በለ ጥርስ ላይ የሚያርፈው ግን ከማዕከሉ 180 ሚሊሜትር ርቆ ስለሆነ፣ በመካከለኛው ዘንግ ላይ 100 ኒውተን ሜትር ሆኖ ይገኛል። ግፊቱ በሁለቱም ጥርሶች ላይ እኩል ነው፤ አምስት እጥፍ የሆነው ክንዱ ነው።

ከሐ ወደ መም ነገሩ ይደገማል፤ 100 በ12 ሲባዛ በርሜሉ ላይ 1200 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። 20ን በ1440፣ 1200ን ደግሞ በ24 ብናባዛ ሁለቱም 28800 ይሰጣሉ፤ በአንድ ወገን የተገኘው በሌላው ወገን ተከፍሎበታል ማለት ነው።

ይህ ግን ሰበቃ የሌለበት ስሌት ነው። በየንክሻው አምስት በመቶ ያህል በሙቀትና በድምፅ ይጠፋል ብለን ብናስብ፣ በርሜሉ በእውነት የሚያገኘው 1080 አካባቢ ነው። ግራሶ ያልተቀባና አሸዋ የገባበት ኮሮና ከዚህም የበለጠ ይበላል፤ ይህንን የሚያሳውቀው የሞተሩ ሰውነት ሙቀት ነው።

ሁለተኛው ጊር ከመጀመሪያው በተቃራኒ የሚዞረው ለምንድን ነው?

ሁለት ክቦችን ጎን ለጎን አነካክተው ይሣሉና የሚነካኩበትን ነጥብ ብቻ ይመልከቱ። የግራው ጊር ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ የሚዞር ከሆነ፣ በቀኝ ጫፉ፣ ማለትም በመገናኛው ነጥብ ላይ ያለው ጥርስ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ ጥርስ የቀኙን ጊር ጥርስ ገፍቶ አብሮት ወደ ታች ይወስደዋል። ሁለቱ ጥርሶች በዚያች ቅጽበት የሚጓዙት ወደ አንድ አቅጣጫ መሆኑን ልብ ይሏል። ነገር ግን ለግራው ጊር ያ ነጥብ ቀኝ ጎኑ ሲሆን ለቀኙ ጊር ግራ ጎኑ ነው። ቀኝ ጎኑ የሚወርድ ክብ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል፤ ግራ ጎኑ የሚወርድ ክብ ደግሞ ከሰዓት በተቃራኒ ይዞራል። መገለባበጡን ያመጣው የመገናኛው ነጥብ በሁለቱ ማዕከሎች መካከል መሆኑ ነው።

ለዚህ ማረጋገጫ የሚሆነው ጥርሱ ወደ ውስጥ የተቆረጠ ቀለበት ነው። ትንሹ ጊር በቀለበቱ ውስጥ ሆኖ ሲነዳው መገናኛው ለሁለቱም በአንድ ጎን ስለሚውል ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራሉ። ቺንጋም እንዲሁ ነው፤ ካልተጠላለፈ በቀር ሁለቱን ፑሌጃዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ያዞራቸዋል፤ ምክንያቱም አንዱን ከላይ ሲስብ ሌላውንም ከላይ ይስበዋል።

ከዚህ የሚገኘው ሕግ አጭር ነው፤ ወደ ውጭ የተቆረጡ ጊሮች የሚናከሱባቸውን ቦታዎች ብቻ ይቁጠሩ። ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ መጨረሻው ከመጀመሪያው በተቃራኒ ይዞራል፤ ሙሉ ከሆነ በዚያው አቅጣጫ ይዞራል። በእኛ ሚክሰር ሁለት ንክሻ ስላለ፣ ከአንድ ጎን ሆኖ ለሚያየው ሰው ሞተሩና በርሜሉ አቅጣጫቸው አንድ ነው።

ሚክሰሩ ከተጠገነ በኋላ አርማታውን በማቡካት ፈንታ ይደፋዋል። ሞተሩ ተቃጥሎ ይሆን?

ይህ ጥያቄ ከአንድ የቤት ግንባታ ቦታ የመጣ ነው፤ ምክንያቱን ለማግኘት እኔም ግማሽ ቀን እንዳባከንሁበት መሸሸግ አልፈልግም። ሚክሰሩ በርሜሉን ሳያጋድል የሚሠራው ዓይነት ነበር። በውስጡ የተበየዱት ጥምዝ ላሜራዎች በርሜሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር አርማታውን ወደ ውስጥ እየመለሱ ያቦኩታል፤ በተቃራኒው ሲዞር ግን እንደ ጠመዝማዛ ብሎን ገፍተው በአፉ ያስወጡታል። በመቀየሪያው ላይ «ማቡኪያ» እና «መድፊያ» የሚሉ ሁለት ምልክቶች አሉ። ባለቤቱ ማቡኪያውን ሲጫኑ ጠጠርና ሲሚንቶው ገና ሳይደባለቅ መሬት ላይ ፈሰሰ።

ሁላችንም ጥፋቱን በኤሌክትሪክ ሠራተኛው ላይ አሳበብን፤ እርሱ ግን ሽቦውን አልነካሁም ብሎ ተከራከረ፤ እውነቱንም ነበር። የሞተሩ ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገን መቀየሪያውን ለአንድ አፍታ ስንነካው፣ ሞተሩ ቀድሞ ይዞርበት በነበረው አቅጣጫ እየዞረ መሆኑን አየን። ከዚያ በኋላ ነው የጥገናውን ታሪክ በሚገባ የጠየቅነው። የሀ ጥርሶች ተላልጠው ስለነበር፣ አዲስ ፒኞን ከማስቆረጥ ይልቅ ሀ እና ለ ወልቀው በቦታቸው ሁለት ፑሌጃና ቺንጋ ተገጥሞ ነበር፤ ትንሹ ፑሌጃ 80፣ ትልቁ 400 ሚሊሜትር ነው። 400 ለ80 ሲካፈል 5 ስለሚሆን ፍጥነቱ በስሌቱ መሠረት አልተለወጠም፤ የሠራውም ሰው ይህንን በትክክል አስቦታል። ያላሰበው ግን ቺንጋ አቅጣጫን የማይገለብጥ መሆኑን ነው። ሁለት የነበረው ንክሻ አንድ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ሙሉው ቁጥር ጎዶሎ ሆነ፤ በርሜሉም ከሞተሩ በተቃራኒ መዞር ጀመረ።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ሞተሩ ባለ ሦስት ፌዝ ስለሆነ፣ ኃይሉ ከዋናው ማጥፊያ ከተቋረጠ በኋላ ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱን ቦታ ማቀያየር የሞተሩን አዟዟር ይገለብጠዋል። እንዲህ ሲደረግ ማቡኪያው እንደገና ማቡኪያ ሆነ። ያልበደለውን ሽቦ በመቀየር ነገሩ መስተካከሉ ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ትንሽ አስቆጥቶታል፤ እኛም አልፈረድንበትም።

የመብራት መስመር ገና ባልደረሰባቸው ዳርቻዎች እንደሚደረገው ሚክሰሩ በዲዝል ሞተር የሚነዳ ቢሆን ኖሮ ይህ መንገድ አይኖርም ነበር፤ የዲዝል ሞተር አዟዟር እንደዚህ አይገለበጥም። ያን ጊዜ አንድ ተጨማሪ ንክሻ በረድፉ ውስጥ ማስገባት ግድ ይሆናል።

በመካከል አንድ ጊር ቢጨመር ፍጥነቱ ይቀየራል?

በራሱ ዘንግ ላይ ብቻውን የተቀመጠና በአንድ ጎኑ ተነድቶ በሌላው ጎኑ የሚነዳ ጊር ከሆነ አይቀየርም። በሀ እና በለ መካከል 30 ጥርስ ያለው አሸጋጋሪ ጊር ብናስገባ፣ 1440 በ18 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል 864 ይሆናል፤ 864 በ30 ተባዝቶ ለ90 ሲካፈል ደግሞ ተመልሶ 288 ይመጣል። 30ው አንድ ጊዜ ሲያካፍል ሌላ ጊዜ ሲያባዛ ራሱን ያጠፋል። 25ም ቢሆን 40ም ቢሆን ውጤቱ ያው ነው። የሚለወጠው የንክሻው ብዛት፣ ስለዚህም አቅጣጫው ነው። የመኪና የኋላ ማርሽ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ሲሆን፣ ካምቢዮው ውስጥ አንድ አሸጋጋሪ ጊር በመካከል ገብቶ የመጨረሻውን ዘንግ ይገለብጠዋል።

ለ እና ሐ ግን እንዲህ አይደሉም። እነርሱም በመካከል ያሉ ናቸው፤ ነገር ግን የተነዳው 90 ሲሆን የሚነዳው 14 ስለሆነ ቁጥሮቹ አይጣፉም። በሥዕል ላይ ልዩነቱን ለማወቅ በመካከለኛው ዘንግ ላይ አንድ ክብ አለ ወይስ ሁለት ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

በርሜሉ ቀርፋፋ ስለሆነብኝ ባለ 18ቱን ፒኞን በባለ 20 ብቀይረውስ?

ስሌቱ ይፈቅዳል፤ በርሜሉ ከ24 ወደ 26.7 ዙር ያህል ከፍ ይላል። ሆኖም ሁለት ነገሮች አብረው ይመጣሉ። አንደኛው የቦታ ጉዳይ ነው። በሞጁል 4 የሀ እና የለ ማዕከሎች ርቀት 216 ሚሊሜትር ነው፤ 20 ጥርስ ሲገባ 220 ይሆናል። የሞተሩ መቀመጫ ቡሎኖች 4 ሚሊሜትር እንዲንሸራተቱ ካልተደረገ ፒኞኑ ጭራሽ አይገባም። ተገፍቶ ከገባም ጥርሶቹ እስከ ሥራቸው ይጫጫናሉ፤ ድምፁ ቀጭን ፉጨት ይሆናል፤ ኩሽኔታዎቹም ይግላሉ። በተቃራኒው ርቀቱ ከሚገባው በላይ ሲሰፋ፣ ሞተሩ በተነሣና በቆመ ቁጥር የመዶሻ ዓይነት ምት ይሰማል።

ሁለተኛው ጉዳይ ከባድ ነው። ጠቅላላ ክፍያው ከ60 ወደ 54 ስለሚወርድ በርሜሉ የሚያገኘው የመጠምዘዝ ኃይል ሰበቃ ባይኖር እንኳ ከ1200 ወደ 1080 ይቀንሳል። በርሜሉ ውስጥ ያለው አርማታ ግን አልቀለለም። ቀድሞ እስከ ዳር የሚሞላ ከነበረ ሞተሩ 20 በመስጠት ፈንታ 22 ኒውተን ሜትር እንዲሰጥ ይገደዳል፤ ኤሌክትሪክ አብዝቶ ይስባል፤ ጥበቃ ካለው ይዘጋል፤ ከሌለው ደግሞ ጥቅልሉ ቀስ በቀስ ይቃጠላል። ፍጥነት የፈለገ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጨምረውን አርማታ መቀነስ አለበት፤ በእኔ ግምት በዚህ መጠን ለሚገኝ ፍጥነት የሚያዋጣ ለውጥ አይደለም።

የተሰበረ ጊር ይዤ ስመጣ ምን ምን መታወቅ አለበት?

ከሁሉ በፊት የጥርሱ ቁጥር። የጀመሩበትን ጥርስ በጠመኔ ሳይቀቡ አይቁጠሩ፤ 168 ጥርስ ሲቆጠር አንድ መዝለል ወይም መድገም የተለመደ ነው። ቀጥሎ የውጭው ዲያሜትር በካሊፐር ይለካና ለጥርሱ ቁጥር ሲደመር 2 ይካፈላል፤ የሀ ውጭ 80 ሚሊሜትር ነው፤ 80 ለ20 ሲካፈል ሞጁሉ 4 መሆኑ ይታወቃል። ጫፉ የተበላ ጊር 3.9 ቢሰጥም ሞጁሉ 4 ነው። የሚናከሱ ሁለት ጊሮች ሞጁላቸው አንድ ካልሆነ፣ የጥርስ ቁጥራቸው ምንም ያህል ትክክል ቢሆን አይሠሩም። በእኛ ሚክሰር ሐ እና መ በሞጁል 6 የተቆረጡ ስለሆኑ የሀ ወይም የለ ምትክ እነርሱ ጋ አይገባም።

በዚህ ዓይነት ሚክሰር አብዝቶ የሚመጣው ሐ ነው። በርሜሉ አንድ ዙር ሲዞር እርሱ 12 ጊዜ ስለሚዞር እያንዳንዱ ጥርሱ ከኮሮናው ጥርስ 12 እጥፍ ይሠራል። በዚያ ላይ 14 ጥርስ ያነሰ ቁጥር ነው፤ በተለመደው መቁረጫ ከ17 በታች ሲወረድ መቁረጫው የጥርሱን ሥር ስለሚቦረቡረው፣ ቆራጩ መቁረጫውን በልክ ወደ ውጭ ካላራቀው በቀር አንገቱ የቀጠነ ጥርስ ይወጣል።

ከተገጠመ በኋላ ሥራው ትክክል መሆኑ በምን ይታወቃል?

ኃይሉ ተቋርጦና በርሜሉ ባዶ ሆኖ፣ በሞተሩ ዘንግና በኮሮናው ላይ በጠመኔ አንዳንድ መስመር ይሠመራል። ዘንጉ በእጅ 60 ጊዜ ሲዞር የኮሮናው መስመር አንድ ዙር ጨርሶ በተነሣበት ቦታ መቆም አለበት። በ59 ወይም በ61 ከደረሰ መጀመሪያ የእጅዎን ቆጠራ ይጠርጥሩና ይድገሙት፤ ሁለት ጊዜ ያው ከሆነ አንደኛው ጊር የተባለውን ያህል ጥርስ የለውም። በመንገዱ ላይ በየተወሰነ ዙር የሚያደናቅፍ ቦታ ካለ ደግሞ ድግግሞሹን ይቁጠሩ። ዘንጉ በዞረ ቁጥር ከሆነ ጉዳቱ ሀ ላይ ነው፤ በየ5 ዙሩ ከሆነ መካከለኛው ዘንግ ላይ፣ ማለትም ለ ወይም ሐ ላይ ነው፤ በ60 ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ኮሮናው ላይ ነው። ዘንጉን የሚያዞሩበትን አቅጣጫና በርሜሉ የሚሄድበትን አቅጣጫ ከአንድ ጎን ቆመው አብረው ይመልከቱ፤ ሥዕሉ ላይ ከተሣሉት ቀስቶች ጋር ካልተስማማ ሲሚንቶ ከመጨመርዎ በፊት ይታረም።